አንዲት ጠብታ ደም
በሾዋክ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ወባና ስለ ደም ምርመራ የተደረገ ንግግር



በዚህ በሾዋክ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት አንድ ሰው "ራሴን ፈለጠኝ፤ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ አጥንቴን ቆረጠመኝ" ካለ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የበሽታውን ስም ወዲያው ይነግረዋል። "ወባ ናት" ይለዋል። ሱዳናዊው ጎረቤትም "መላሪያ" ብሎ ያጸድቅለታል። ከዚያ አንዱ ከኪሱ የተረፈች ኪኒን ያወጣል፤ ወይም በሽተኛው ራሱ ተነሥቶ ገንዘቡን ቆጥሮ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። "ወባ ናት" በተባለበትና ኪኒኑ በተዋጠበት ሰዓት መካከል አንዲት ጠብታ ደም ልትገባ ይገባት ነበር። ስለዚያች ጠብታ ነው ዛሬ ላነጋግራችሁ የመጣሁት።

ነገሩ እንዳይደበዝዝብን በአንድ ሰው እንያዘው። ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የ22 ዓመት ወጣት አስቡ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሁላችሁም ስለምታውቁት ስም አላወጣለትም። በመተማ በኩል ገባ፤ በጭነት መኪና ወደ አንድ መሽሩዕ ተወሰደ፤ ራኩባ ሥር ከ11 ጓደኞቹ ጋር ያድራል። ብርድ ልብስ ይጋራሉ፤ ከደጋ ለብሶት የወረደውን ጋቢ ካጠበው ሰንብቷል። ከወረደ በ13ኛው ቀን አመሻሽ ላይ ማጭዱን ጥሎ ተቀመጠ። ራሱ ይመታል፤ ወገቡና ባቱ ይቆረጣጠማል፤ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ጓደኞቹ ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡበት።

ምን ሆኖ ነው? ከፊቱና ከመንቀጥቀጡ በመነሣት ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ እኔም አልችልም፤ ከእኔ የተሻለ ሐኪምም አይችልም። ለምን እንደማይቻል ላስረዳ።

መንቀጥቀጡ የጀርሙ ሥራ አይደለም፤ የራሳችን የሰውነት ሥራ ነው። ደም ውስጥ ባዕድ ነገር ሲበዛ ሰውነት በአንጎላችን ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል። ትናንት 37 ዲግሪ ይበቃኛል ይል የነበረው አንጎል ዛሬ 40 ካልሆነ አይበቃኝም ይላል። ሰውነት ገና 37 ላይ ስለሆነ ብርድ ይሰማዋል፤ ጡንቻውን እያንቀጠቀጠ ሙቀት ያመርታል። ለዚህ ነው የሚቃጠል ሰው ብርድ ልብስ የሚለምነው። የወባ ተሕዋስያን ቀይ የደም ሕዋስን እያፈነዱ ሲወጡ ይህ ይሆናል። ቅማል የሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት ጀርም ደም ውስጥ ሲባዛም ይሆናል። በተስቦ፣ በታይፎይድ፣ በሳንባ ምች፣ ቀን የምትናደፍ ትንኝ በምታስተላልፈው ደንጊም እንዲሁ ነው። በር አንኳኪው ብዙ ነው፤ ውሻው ግን ለሁሉም የሚጮኸው አንድ ዓይነት ጩኸት ነው።

"ወባ እኮ ቀን ለይታ፣ አንድ ቀን ዘልላ ነው የምትመጣው" የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ያ ሥርዓት የሚታየው በሽታው ከከረመ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ፋልሲፓረም በሚባለው በገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ትኩሳቱ ሥርዓት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ሊኖር ይችላል። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ሕይወቱ የሚተርፍበትን ጊዜ እያባከነ ነው።

ከሰውዬው መልክ ይልቅ አንድ ነገር ይረዳናል፤ የቀን ቆጠራ። የወባ ትንኝ ከነደፈች በኋላ ተሕዋሱ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይገባል። እዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይባዛል፤ ከዚያ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ፋልሲፓረም ከተነደፉበት ቀን አንሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ነው የሚያስተኛው። ከደጋ በወረደ በ3ኛው ቀን ትኩሳት የያዘውን ሰው የሾዋክ ትንኝ አላሳመመችውም፤ ወይ መንገድ ላይ ቀድሞ ተነድፏል፣ ወይ ሌላ በሽታ ይዞ ነው የወረደው። የእኛ ልጅ ግን በ13ኛው ቀን ነው የታመመው። ቆጠራው ለወባ ይስማማል። ይስማማል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም፤ በዚያው 13 ቀን ውስጥ ከጓደኞቹ ቅማልም ተጋርቷልና።

አሁን ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ገዳሪፍ በክረምት ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡ ሲያባራ ዋልካው መሬት ውኃ ያቁራል፤ የአትባራ ወንዝም ሲጎድል ኩሬ ኩሬ እየሆነ ይቀራል። አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ የምትወደው እንዲህ ያለውን ፀሐይ የሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ስለዚህ ወባ እዚህ ዓመቱን ሙሉ እኩል አትኖርም፤ ከዝናብ በኋላ ትወጣለች፣ በበጋ ትጠፋለች። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ እንደ ዳራዊሽና አሳር ባሉ መንደሮች ሰዎችን ከዓመት ዓመት ተከታትለው ነበር። ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው፣ እዚህ ወባ የልጆች በሽታ ብቻ አይደለችም፤ ሰው በዓመት ብዙ ጊዜ ስለማይነደፍ አዋቂውም መከላከያ አያጠራቅምም፣ ይታመማል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስደንቃል፤ በበጋ፣ ትንኝ በሌለችበት ወቅት፣ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ደም ውስጥ ወባ ተደብቃ ትከርማለች። ቁጥሯ እጅግ ከማነሱ የተነሣ በማይክሮስኮፕ አትታይም፤ ያገኟት የተሕዋሱን ዘር በሚያባዛ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። ዝናብ ሲመጣና ትንኝ ስትፈላ ከእነዚህ ሰዎች ተነሥታ እንደገና ትዛመታለች።

ለአካባቢው ተወላጅ አዋቂ እንኳ መከላከያው ቀጭን ከሆነ፣ ከዳባት የወረደው ልጅ ጨርሶ የለውም። ከደጋ የመጣ ሰው በወባ ፊት እንደ ሕፃን ነው። የጎንደር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ደምቢያ ላይ የገባው ወረርሽኝ ሕዝብ ፈጅቶ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነበር። በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋማው አገር ዘልቃ በኢትዮጵያ ወደ 150 ሺህ የሚገመት ሰው ገድላለች። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ፋልሲፓረም ከመጀመሪያው ብርድ ብርድ ማለት እስከ መቃዠትና ራስን መሳት ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈልግም። "ነገ አያለሁ" የሚባለው ነገ በጣም አጭር ነው።

ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እናምጣው። የመጀመሪያው የሚደረግለት ፈጣን ምርመራ ነው፤ ባለሙያዎች አር ዲ ቲ ይሉታል። ሥራውን ቆማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ማየትም መብታችሁ ነው። ባለሙያዋ አዲስ ጓንት ታደርጋለች፣ ማሸጊያውን ፊታችሁ ትቀደዋለች፣ የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ታያለች። ጣቱን በአልኮል ትጠርገውና እስኪደርቅ ትጠብቃለች። በአዲስ መርፌ ወግታ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ደም ትወስዳለች፤ 5 ማይክሮሊትር ናት፣ የአንድ ጠብታ ጥቂቷ ክፍል። ደሟን በትንሿ ቀዳዳ ታደርጋለች፤ በሌላኛው ቀዳዳ ፈሳሹን በተጻፈው ቁጥር ልክ ታንጠባጥባለች። ከዚያ ሰዓት ትይዛለች። እንደ ዓይነቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው።

ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ መጠበቂያ ላይ ነው። ወረፋ ስለበዛ በ5 ደቂቃ ካነበበችው ቀጭኑ መስመር ገና አልወጣም፤ ወባ ያለበት ሰው የለብህም ተብሎ ይሸኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካነበበችው ደግሞ የሌለ መስመር ሊታይ ይችላል። ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ከ30 ወይም ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ ተጽፎባቸዋል፤ እዚህ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ እናንተው ንገሩኝ። በሙቀት የተጎዳ መመርመሪያ ብዙ ተሕዋስ ያለበትን ደም እንኳ ሊስተው ይችላል።

መመርመሪያው ላይ "ሲ" የሚል ፊደል ያለበት መስመር አለ። እሱ ካልወጣ ምርመራው ተበላሽቷል፣ በአዲስ ይደገማል። ከወጣ ግን ምን ማለት ነው? ፈሳሹ እስከ መጨረሻው መሄዱን ብቻ ነው የሚነግረን። ደሙ በቂ መሆኑን አይነግረንም። ይህን የምለው ባለሙያን ለመክሰስ አይደለም፤ ውጤቱ ከሕመማችሁ ጋር የማይገጥም ሲሆን "ይደገምልኝ" ለማለት እንዳታፍሩ ነው።

መስመሩ የሚወጣው ወባውን ራሱን አግኝቶ አይደለም። ፋልሲፓረም ወደ ደም የሚለቀው ኤች አር ፒ 2 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በዚህ አካባቢ ለዓመታት ያገለገሉት አብዛኞቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ዱካውን አይቶ ሌባውን እንደ መያዝ ነው። ይህም ሁለት ጣጣ አለው።

አንደኛው፣ ዱካው ሌባው ከሄደ በኋላም ይቆያል። ወባው በመድኃኒት ሞቶ እንኳ ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ለሳምንታት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ወባ ታክሞ የዳነ ሰው ዛሬ በሳንባ ምች ቢያተኩሰው፣ ፈጣኑ ምርመራ "ወባ" ሊል ይችላል። ወባው ሳይኖር ለወባ ይታከማል፤ የሳንባ ምቹ ግን ሳይታከም ይቀራል። "በዚህ ወር ወባ ታክመሃል ወይ?" ተብላችሁ ስትጠየቁ እውነቱን መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለታከመ ሰው የተሻለው በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስላይድ ነው፤ መድኃኒቱ በደንብ ከሠራ ተሕዋሱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከስላይድ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጣጣ ከባድ ነው፤ የኛው ድንበር ታሪክም ነው። ዱካ የማይተው ሌባ ተነሣ። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን የዘር ክፍል የጣለ ፋልሲፓረም መጀመሪያ በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን አካባቢ ታወቀ። ከዚያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በኤርትራ፣ በጊንዳዕና በምጽዋ ሆስፒታሎች፣ በማይክሮስኮፕ ወባ በግልጽ እየታየባቸው በፈጣን ምርመራ ግን "የለባችሁም" የተባሉ ሕሙማን በዙ፤ ሲጠና የብዙዎቹ ተሕዋስ ያንን ፕሮቲን የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ኤርትራ መመርመሪያውን ለወጠች። በኢትዮጵያ በኩልም ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ የአማራ፣ የትግራይና የጋምቤላ ወረዳዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2021 ታተመ። በዚህ ምክንያት ብቻ በመመርመሪያው የሚያመልጠው የፋልሲፓረም ሕመም ወደ 10 ከመቶ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይለወጥ የሚለው 5 ከመቶ ሲደርስ ነው። ኢትዮጵያም ኤል ዲ ኤች የተባለ ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልግ መመርመሪያ ዞራለች፤ ተሕዋሱ ያለዚያኛው ፕሮቲን መኖር ስለማይችል ሊጥለው አይችልም።

ትንኝም ተሕዋስም የድንበር ወረቀት አይጠይቁም። በመተማና በገላባት መካከል ሰው እንደሚመላለስ ሁሉ በሰው ደም ውስጥ ያለውም ይመላለሳል። ስለዚህ እዚህ ሾዋክ ላይ በፈጣን ምርመራ "የለብህም" የተባለ፣ ትኩሳቱ ግን ያልበረደ ሰው ነገሩን በዚያ መዝጋት የለበትም። ስላይድ ይጠይቅ። ስላይድም ንጹሕ ከሆነና ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይመርመር፤ በሽታው ገና ሲጀምር የተሕዋሱ ቁጥር ከማነሱ የተነሣ ዛሬ ያልታየው ነገ ሊታይ ይችላል።

ስላይድ ያልኩት በመስተዋት ላይ የሚቀባው ደም ነው። አንዱ ጠብታ ወፍራም ሆኖ ይቀባል፣ አንዱ ስስ። በጊምዛ ቀለም ይነከራል። ወፍራሙ ተሕዋስ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ይጠቅማል፤ ስሱ ዓይነቱን ለመለየት። ባለሙያው "የለም" ከማለቱ በፊት ቢያንስ 100 የማይክሮስኮፕ መስኮች ማየት አለበት፤ በትዕግሥት ከሠራ በርካታ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። እኔ ይህን ሥራ እወዳለሁ። በሐምራዊ ቀለም ውስጥ እንደ ትንሽ ቀለበት ያለችውን፣ በአንድ ጫፏ ቀይ ነጥብ ያላትን ነገር ስታዩ፣ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚንቀጠቀጠው ሰው ሕይወት በእጃችሁ ላይ መሆኑ ይሰማችኋል።

ይኸው ስላይድ ፈጣኑ ምርመራ ፈጽሞ የማይችለውን አንድ ነገር ያደርጋል። ወደ ዳባቱ ልጅ ልመልሳችሁ።

ፈጣን ምርመራው ወባ የለም አለ እንበል፤ ስላይዱ ላይ ግን በቀይ ሕዋሳት መካከል እንደ ተጠማዘዘ ቀጭን ክር ያለ ነገር ይታያል። ይህ ግርሻ ትኩሳት ነው። በልብስ ቅማል ይተላለፋል፤ ቅማሏ ስትጨፈለቅና ሰውየው ሲያክ በቆዳው ይገባል። ብዙ ሰው በአንድ ብርድ ልብስ በሚያድርበት፣ ልብስ በማይቀየርበት ሁሉ አለ፤ በካምፕም፣ በወታደር ቤትም፣ በእርሻ ካምፕም። ራስ ምታቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ቁርጥማቱ ከወባ አይለይም።

ልጁ ሳይመረመር የወባ መድኃኒት ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ተከተሉኝ። ኮአርተም ለሦስት ቀን ዋጠ። ግርሻ ትኩሳት መድኃኒት ባይነካውም እንኳ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ገደማ በላብ ተጥለቅልቆ በራሱ ይበርዳል። ልጁም ጓደኞቹም ምን ይላሉ? "መድኃኒቱ ሠራ።" ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ትኩሳቱ ያገረሻል፤ ስሙም ከዚህ ነው የመጣው። አሁን "ወባው ተመለሰብኝ፣ ኪኒኑ ሰንፏል" ይላል፤ ሌላ የወባ መድኃኒት ይገዛል። እሱ ገንዘቡን ጨረሰ፤ ቅማሉ ግን በዚሁ መካከል ወደ 11ዱ ጓደኞቹ ተሻግሯል። ይህ በሽታ ሳይታከም ብዙ ሰው ይገድላል፤ ሲታከም ግን አንድ ጊዜ በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይድናል። እሱንም በጤና ጣቢያ ነው መውሰድ ያለበት፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጀርሞቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ብርቱ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ የደም ግፊትም ሊወድቅ ይችላል፤ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ልብሱ ደግሞ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ የጓደኞቹም ጭምር።

ከፋልሲፓረም ሌላ ቫይቫክስ የሚባል የወባ ዓይነትም ሊገኝ ይችላል። በኢትዮጵያ በብዛት አለ። እሱ ጉበት ውስጥ የሚያንቀላፋ ዘር ያስቀራል፤ ደም ውስጥ ያለው ታክሞ ከጠፋ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያው ያንቀላፋው ይነሣል። ጉበት ውስጥ ላለው ፕሪማኩዊን የተባለ ሌላ መድኃኒት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ አይሰጥም፣ ጂ 6 ፒ ዲ የሚባለው ንጥረ ነገር በደማቸው ያነሰባቸውንም ሰዎች ቀይ ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ "ወባ አለብህ" የሚለው ውጤት ብቻ አይበቃም። "የትኛው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱ ላይም ይጻፍላችሁ።

ፋልሲፓረም ሆኖ ቢገኝስ? ልጁ ኪሎው ከ35 በላይ ከሆነ ኮአርተም በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ይወስዳል። ሁለተኛውን 4 ከ8 ሰዓት በኋላ፤ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋት 4 ማታ 4። በሦስት ቀን 24 ፍሬ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ከመድኃኒቱ አንደኛው ክፍል በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ዘይት ያለበት ፉል ይበቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከ ያው መጠን ይደገማል።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቀዋል። ያኔ ነው የቀረውን ለሚቀጥለው ጊዜ ወይም ለታመመ ጓደኛ የሚያስቀምጠው። ደግነቱ ይገባኛል፤ በስደት ያለ ሰው ያለውን ያካፍላል። ግን ግማሹን የወሰደውም ግማሹን የተቀበለውም ሁለቱም ሳይታከሙ ይቀራሉ፤ በሁለቱም ደም ውስጥ መድኃኒቱን የቻሉት ጠንካሮቹ ይተርፋሉ። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። የዚህን መድኃኒት አንዱን ክፍል በከፊል የሚቋቋም የተለወጠ ፋልሲፓረም በጎንደር አካባቢ ከተገኘ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በኤርትራና በኢትዮጵያ ተስፋፍቶ ታይቷል። ዱካ የማይተወውም መድኃኒት የሚቋቋመውም በአንድ ተሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ ተገኝተዋል።

ሁለቱም ምርመራዎች ንጹሕ ሆነው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ ስም መነሣት አለበት፤ ካላዛር። በሑመራና በመተማ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። በግራር ሥርና በዋልካ ስንጥቅ አጠገብ የምትኖር፣ ከወባ ትንኝ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። ትኩሳቱ ይሄዳል ይመጣል፤ ሰውየው ይከሳል፤ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንት በታች ጣፊያው እያበጠ ይታወቃል። ብዙ ካላዛር ያለበት ሰው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ለወባ ታክሞ ነው የሚመጣው፤ ያለፈው ወር ደግሞ ቢታከም ኖሮ በቀላሉ የሚድንበት ወር ነበር። ለሱም የተለየ የጣት ደም ምርመራ አለው። በአገራችን የተለመደውን "ወባም ታይፎይድም አለብህ" የሚል ወረቀት የያዛችሁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ድሮ ያለፈ በሽታንም እንደ አዲስ ሊያሳይ ይችላል፤ በእሱ ብቻ ተመሥርቶ ትኩሳትን ታይፎይድ ማለት አይቻልም።

ምርመራ ይቅደም ያልኩት መቆም ለሚችል ሰው ነው። የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚቃዥ ወይም የማይነቃ፣ የሚያንፈራፍረው፣ ቁጭ ማለት ያቃተው፣ ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ወይም አንገቱ የደረቀ ሰው ስታዩ ወረፋ አታስይዙት። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እዚያ ደሙ እየተወሰደ መርፌው አብሮ ይጀመርለታል። ኪኒን መዋጥ ለማይችል ሰው አርቴሱኔት የሚባለው መርፌ ነው መድኃኒቱ። አንገቱ የደረቀው ደግሞ ወባ ላይሆን ይችላል፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ሕፃንና ነፍሰ ጡርም ምልክቱ ባይከፋም በዚያው ቀን መታየት አለባቸው።

እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ተዉ፤ ደንጊ ሆኖ ከተገኘ ደም ያደማሉና።

የዳባቱ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አራት ነገር ቢናገር ባለሙያዋን ግማሽ መንገድ ያደርሳታል፤ ከደጋ የወረደበትን ቀን፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ እስከ አሁን የዋጠውን ኪኒን ሁሉ፣ እና በዚህ ወር ወባ መታከም አለመታከሙን። ቃሉን በዐረብኛ መጨረስ ካቃተው ቢያንስ ሁለት ቃል ይያዝ፤ ሑማ ትኩሳት ነው፣ ፈሕስ ምርመራ። የዋጠውን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያም ይያዝ። የምርመራውን ወረቀትም እንዳይጥል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ከብሩ ጋር ያኑረው፤ ትኩሳቱ ካገረሸ በሚቀጥለው ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ያንን ነው።